መልእክቱን ራሳችሁ አድርሱ፦ ስለ ፍቺና ልጆች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«1. ለልጅ ሲባል ሁሉም ይቻላል። ወላጆቹ የተፋቱበት ልጅ ተሰብሮ ነው የሚያድገው፤ እየተጣሉም ቢሆን አብሮ መኖር ይሻላል።

2. ከተፋቱ ደግሞ ልጁ እውነቱን ይወቅ። ጥፋተኛው እናቱ ትሁን አባቱ ተደብቆ መቅረት የለበትም።

3. ወላጆቹ የማይነጋገሩ ከሆነ ልጁ መልእክት ቢያመላልስ ምን ክፋት አለው? እንዲያውም ያጎብዘዋል።

4. ቀለብ የማይከፍል አባት ልጁን የማየት መብት የለውም።

5. ልጅ ሰባት ዓመት ከሞላው ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ።»

እነዚህ አምስት ነጥቦች ሰሞኑን ብዙ ሰው ከተቀባበለው ጽሑፍ የተወሰዱ ናቸው። ጸሐፊው ለልጆች አስቦ እንደጻፈ ያስታውቃል። ችግሩ፣ ምክሩን እንዳለ የወሰደ ወላጅ ልጁን የሚያስቀምጠው በሁለት ሰዎች ጸብ መሃል ነው። ከተለያዩ ወላጆችና ከልጆቻቸው ጋር በማማከር ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና በየነጥቡ መልስ ልስጥ። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ሰው ቀላል አድርጎ የሚያየው እሱን ስለሆነ።

አንደኛው

ጸሐፊው ልክ ከሆነበት ልጀምር። ፍቺ ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ሜቪስ ሄዘሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ የተፋቱና ያልተፋቱ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ወላጆቻቸው ከተፋቱባቸው ልጆች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የስሜት ወይም የባሕርይ ችግር አጋጥሟቸዋል። ካልተፋቱት ቤት ቁጥሩ 10 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ ማለት ነው፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም።

ግን ቁጥሩን ገልብጠን እናንብበው። ቢያንስ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ልጆች እንዲህ ያለ ከባድ ችግር ውስጥ አልገቡም። አልቅሰዋል፣ ተናደዋል፣ ትምህርት የቀነሱም አሉ። አልተሰበሩም ግን። «ተሰብሮ ነው የሚያድገው» የሚለው አነጋገር በራሱ ጉዳት አለው። የክፍሉ አስተማሪ ይህን ካመነች ልጁ አንድ ቀን የቤት ሥራ ባይሠራ ወዲያው «ወላጆቹ እኮ ተፋትተዋል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም ቢያደርግ ምክንያቱ ያው ይሆናል።

ዋናው ጥያቄ፣ አንዱ ልጅ ሲጎዳ ሌላው ለምን ይተርፋል የሚለው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ፖል አማቶና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። ቤተሰቦቹን መከታተል የጀመሩት ከፍቺው በፊት ስለሆነ በቤቱ ውስጥ የነበረው ጸብ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ። ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ጸብ በበዛበት ቤት ያደጉ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ሲለያዩ ኋላ ላይ የተሻለ ሆነው ተገኙ። ብዙም ጸብ ባልነበረበት ቤት ያደጉት ግን በፍቺው ይበልጥ ተጎዱ።

ሁለተኛው ውጤት ለጸሐፊው ሐሳብ ግማሽ ድጋፍ ነው። ልጁ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። እራት አብረው ይበላሉ። አንድ ቀን ድንገት «አባትህ ሌላ ቤት ሊሄድ ነው» ይባላል። ለልጁ ይህ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው፤ የተገላገለው መከራ የለም፣ ያጣው ግን አለ። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ከመለያየታቸው በፊት ደግመው ቢያስቡ እኔም እመክራለሁ። «እየተጣሉም ቢሆን» የሚለው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጸሐፊው እንዲጸና የፈለገው ትዳር፣ ጥናቱ ለልጁ ይበልጥ ከባድ ሆኖ ያገኘው ነው።

አማቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ከታማራ አፊፊ ጋር ሌላ ጥናት አወጡ። ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆችን «በእናትህና በአባትህ መሃል የተያዝክ ይመስልህ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይበልጥ «አዎ» ያሉት ወላጆቻቸው የተፋቱት አልነበሩም። አብረው እየኖሩ በጣም የሚጣሉት ወላጆች ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸው በተፋቱባቸው ልጆች ላይ ይህ ስሜት ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ሲሄድ ታይቷል። እየተጣሉ አብረው በሚኖሩት ዘንድ ግን ልጁ ቤቱን ለቆ እስኪወጣ ድረስ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እኔ ወላጆች ሲመጡ ቀድሜ የምጠይቀው ተለያይታችኋል ወይ ብዬ አይደለም። ልጁ መሃል ገብቷል ወይ ብዬ ነው።

ዱላ ያለበት ቤት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ውጭ ነው። እናቱ ስትመታ የሚያይ ልጅ እሱ ባይመታም የተጎዳ ልጅ ነው። እዚያ ቤት «ለልጅ ሲባል ቻይው» ማለት ምክር ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው

ልጅ እውነት ያስፈልገዋል። የትኛው እውነት የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ልጁ ማወቅ የሚፈልገው ስለ ራሱ ኑሮ ነው። ዛሬ የት ነው የማድረው? ትምህርት ቤት እቀይራለሁ? አባዬን መቼ ነው የማየው? ውሻችን ከማን ጋር ይሆናል? እና ጮክ ብሎ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ እኔ አጥፍቼ ነው?

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ይህን የመጨረሻውን ሊያምን ይችላል። ማታ ወተቱን ደፍቶ ተቆጥተውት ከሆነ፣ በማግሥቱም አባቱ ሻንጣ ይዞ ከወጣ፣ ሁለቱን ያገናኛል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ዓለምን ጥሩና መጥፎ ብሎ ይከፍላል። ጥፋተኛውን ስትነግሩት ፍርዱን ወዲያው ይሰጣል፤ አንዱን ወላጅ ይዞ ሌላውን ይቀጣል። በጸሐፊው ሐሳብ መሠረት እናት «አባትህ ገንዘባችንን አጥፍቶ ነው» ብትል፣ በሌላው ቤት አባት የራሱን እውነት ይናገራል። ልጁ ሁለት እውነት ይዞ ይመላለሳል። አንዱን ካመነ ሌላው ወላጁ ውሸታም ሊሆንበት ነው።

ለልጅ የሚበቃው አጭር ነው። ቢቻል ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ይባል፦ «እኔና አባትሽ ተስማምተን አብረን መኖር አልቻልንም። በአንቺ ምክንያት አይደለም፤ አንቺ ልታስተካክዪው የምትችዪውም ነገር የለም። አንቺ ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ፣ ትምህርት ቤትሽ አይቀየርም፣ ዓርብ ዓርብ አባትሽ ይወስድሻል።» ልጅ አንዴ ሰምቶ አይበቃውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ይጠይቃል። ያንኑ መልሱለት።

ጎረምሳ ልጅ ፊት ለፊት «አባዬ ሌላ ሴት ይዞ ነው?» ቢልስ? አትዋሹት። «አልዋሽህም፣ ግን የእኔና የአባትህ ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩን አልነግርህም» ማለት ይቻላል። ይናደዳል። ይናደድ።

እዚህ ላይ ዘመድን ሳላነሳ ብቀር ግማሹን እንደ መተው ነው። ብዙ እናቶች ከፍቺ በኋላ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይመለሳሉ፤ አባትም እህቶቹ ጋ ይጠጋል። እናቲቱ አፏን ብትጠብቅ እንኳ አክስት ቡና ላይ «ያ የማይረባ ዛሬም ብር አልላከም?» ትላለች። ልጁ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እየተጫወተ ነው፤ ደግሞም ይሰማል። ሲያጠፋ «ልክ እንደ አባትህ!» ይባላል። ከፍቺው በፊት ይህ የፍቅር አባባል ሊሆን ይችል ነበር። አሁን ግን ልጁ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ይገባዋል። አያትና አክስትን ሰብስቦ «ልጁ ባለበት ስለ እሱ አይወራ» ብሎ ቁርጥ አድርጎ መናገር የልጁ ወላጅ ሥራ ነው። የቀድሞ ባል የሚስቱን ዘመዶች፣ የቀድሞ ሚስትም የባሏን ዘመዶች አይገሥጹም፤ የራስን ወገን መገሠጽ የራስ ነው።

ሦስተኛው

በ1991 እ.ኤ.አ. ክሪስቲ ቡካናን፣ ኤሌኖር ማኮቢና ሳንፎርድ ዶርንቡሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ወላጆቻቸው ከተለያዩ አራት ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸውን 522 ልጆች አነጋገሩ። ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት ተኩል እስከ አሥራ ስምንት ነው። ጥያቄዎቹ ተራ የሚመስሉ ነበሩ። እናትህ ወይም አባትህ መልእክት አድርስልኝ ይሉሃል? ስለ ሌላው ቤት እንዲጠይቁህ የማትፈልገውን ነገር ይጠይቁሃል? በአንዱ ፊት ስለ ሌላው ለመናገር ትሳቀቃለህ? መሃል የተያዝክ ያህል ይሰማሃል?

መሃል እንደተያዙ የተናገሩት ልጆች ይበልጥ የሚያዝኑና የሚጨነቁ፣ ከመጥፎ ባሕርይም ጋር ይበልጥ የሚታገሉ ሆነው ተገኙ። ስሜቱ የሚጠነክረው ወላጆቹ በሚካረሩበት ቤት ነው። በሚተባበሩት ዘንድ ትንሽ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ መሃል ላይ ያለው ቡድን ነው፦ ጭራሽ የማይነጋገሩ፣ ግን የማይጣሉም ወላጆች። የእነሱ ልጆች ከሚጣሉት ወላጆች ልጆች ይሻሉ ነበር። ስለዚህ የቀድሞ ባልና ሚስት ወዳጅ መሆን አይጠበቅባቸውም። ከእናትም ከአባትም ጋር የቀረቡት ልጆች መሃል የመያዝ ስሜታቸው አነስተኛ መሆኑንም ጥናቱ አሳይቷል።

ጸሐፊው «ያጎብዘዋል» ያለው ነገር ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ስሟን ሳሮን እንበላት፤ ከብዙ ቤቶች ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው የምተርከው። አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ከእናቷ ጋር ጀሞ ትኖራለች፤ ዓርብ ማታ አባቷ ወደ ኮተቤ ይወስዳታል፤ እሁድ ይመልሳታል።

አባቷ እሁድ ማታ መኪና ውስጥ «እናትሽን፣ የትምህርት ቤቱን ከፍያለሁ፣ ሌላ ምን እንድከፍል ነው የምትፈልገው በያት» ይላታል። ሳሮን ቤት ገብታ እንዳለ ትናገራለች። እናቷ ድስቱን ምድጃው ላይ ትታ «ዩኒፎርሙንስ ማን ገዛው በይው! ሐኪም ቤትስ ማን ወሰደሽ በይው!» ትላለች። ጩኸቱ ለአባትየው ነበር፤ የደረሰው ግን ሳሮን ላይ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሳሮን ትማራለች። የምትማረው ግን ጉብዝና አይደለም። መልእክቱን ማለዘብ ትጀምራለች። አባቷ በቁጣ የላከውን «አባዬ ሰላም ብሎሻል፣ ቆይቶ ይከፍላል» ታደርገዋለች። የእናቷን ስድብ «እሺ ብላለች» ብላ ታደርሳለች። በወሩ መጨረሻ እናት የጠበቀችው ብር አልመጣም፤ አባት ደግሞ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎታል። ይደዋወላሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ነገሩን ሲያጣሩ የተቀየረው መልእክት ይወጣል። ሁለቱ በመጀመሪያ የሚስማሙበት ነገር «ይቺ ልጅ ውሸት ጀምራለች» የሚለው ይሆናል።

ከዚያ ሆድ ቁርጠት ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። እናት «አባቷ ቤት አንድ ነገር አለ» ትላለች። አባት «እናቷ እያስጠናቻት ነው» ይላል። ሁለቱም ነገሩን ለጠበቃ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ሕመሙ የሚመጣው መቼ ነው? ዓርብ ስትሄድ ብቻ ነው ወይስ እሁድ ስትመለስም? የሳሮን ሆድ እሁድ ማታም ያማት ነበር፤ እናቷ «ደክሟት ነው» እያለች አልፋዋለች። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያምም ከሆነ ችግሩ የሁለቱ ቤቶች መሃል፣ ማለትም ርክክቡ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግን ያንን ቤት በጥንቃቄ መጠየቅ ይገባል። ሐኪምም ይያት፤ ሆድ በሌላ ምክንያትም ያማል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። አንዱ ቤት የተሰጣትን ልብስ ወይም አሻንጉሊት ትደብቃለች። «አባዬ ጋ ደስ ብሎኝ ነበር» ብላ አታውቅም። ለእናቷ የአባቷን ክፉ፣ ለአባቷ የእናቷን ክፉ ትናገራለች፤ ሁለቱንም ማስደሰቻ መንገድ ሆኖባት ነው። የልደት በዓሏ ሲቃረብ ትጨነቃለች፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሊቆሙ ነውና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእሷ ላይ የሚመላለሰውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶ ወደ አዋቂዎቹ መመለስ ነው።

መጀመሪያ መልእክቱ። ሁለቱ መነጋገር ካልቻሉ ይጻጻፉ። አንድ መስመር ብቻ ይኑር፦ አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም ቴሌግራም፤ ስለ ልጅቷ ብቻ። በአንድ መልእክት አንድ ጉዳይ፣ ያለፈ ታሪክ የለም፣ ድንገተኛ ካልሆነ በማግሥቱ ይመለሳል። «ሌላ ምን እንድከፍል ነው የምትፈልገው» የሚለው ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «የሳሮን የሁለተኛ ተርም ክፍያ በእኔ በኩል ተከፍሏል። የዩኒፎርሙን ደረሰኝ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ግማሹን እስከ 5 እልካለሁ።» ቁጣው ወጣ፤ ጉዳዩ ቀረ። የተናደደ ሰው ሲጽፍ ረጅም ይጽፋል። ከአራት መስመር ከበለጠ ሳትልኩት እደሩበት።

ሁለተኛ ገንዘቡ። ብር በልጅ ቦርሳ አይላክ፤ «ከአባቴ ተቀበልኩ» እያለች የምትቆጥረውም እሷ አትሁን። በቴሌብር ወይም በባንክ በታወቀ ቀን ይግባ፤ ማረጋገጫው ለሁለቱም ይቀራል።

ሦስተኛ ርክክቡ። በር ላይ መገናኘት ለሚጣሉ ሰዎች የጸብ ቀጠሮ ነው። ትምህርት ቤት ያለበት ቀን ይሁን። አባት ዓርብ ከትምህርት ቤት ይወስዳታል፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳታል። እናትና አባት አይተያዩም፤ ልጅቷም አንዱን ተሰናብታ ሌላውን ስታቅፍ ማንም አያያትም። ለትምህርት ቤቱ ማን እንደሚወስዳት በጽሑፍ ይሰጠው፤ ዘበኛው በር ላይ «ማነህ አንተ?» ካለ ሌላ ውርደት ነውና። ለክረምቱ የጋራ ዘመድ ቤት ወይም ሰው ያለበት ካፌ ይሆናል።

አራተኛ የመመለሻው ጥያቄ። ልጅ ከሌላው ቤት ስትመጣ የመጀመሪያው ሰዓት ከባድ ነው። «ማን ነበር? ያቺ ሴትዮ መጥታ ነበር? አዲስ ሶፋ ገዛ?» አይባልም። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ርቦሻል?» ይበቃል። ራሷ ካወራች ስሙ፤ ደስ ብሏት ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ባይሆን እንኳ ፊታችሁ አይጥቆር። ልጆች ፊት ማንበብ ያውቃሉ።

መልእክት ይዛ ከመጣችስ? «ይሄ የእኔና የአባትሽ ጉዳይ ነው። እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ አታስቢ።» ከዚያ በእርግጥ መናገር ነው። ካልተናገራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ያው መልእክት እሷ ላይ ይመለሳል፤ እሷም ቃላችሁን አታምንም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «እኔ ባቆምስ፣ እሱ ካላቆመ?» የሚለውን ነው። ግማሹን ታቆሚያለሽ። ልጅቷ ቢያንስ አንድ ቤት ውስጥ መልእክተኛ ወይም ሰላይ አትሆንም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እሱ የሚላትን እያነሳሽ «ውሸቱን ነው» ማለት ግን ያንኑ ጨዋታ መጫወት ነው።

ሽማግሌዎችስ? እኔ ሽምግልናን እወዳለሁ፤ ግን ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ብዙ ጊዜ ለማስታረቅ ብቻ ነው። ዕርቅ ካልተቻለ ይበተናሉ። ያኔ ነው ሁለተኛው ሥራ መጀመር የነበረበት፦ ልጅ እንዴት ይደግ በሚለው ላይ ማስማማት። ሮበርት ኤመሪ የተባሉ ተመራማሪ በቨርጂኒያ በልጅ አስተዳደግ የሚካሰሱ ወላጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ገላጋይ ባለሙያ፣ ግማሹን በተለመደው የክስ መንገድ እንዲሄድ አደረጉ። ግልግሉ በአማካይ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር የወሰደው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ከልጁ ጋር የማይኖረው ወላጅ ልጁን በየሳምንቱ የሚያገኝበት ዕድል በግልግል ከሄዱት 28 በመቶ፣ በክስ ከሄዱት 9 በመቶ ነበር። በእኛ ሽምግልና አንድ ነገር ብቻ ይቅር፦ ልጁን ጠርቶ «አባትህ ይጠጣ ነበር?» ብሎ ማስመስከር።

በስምምነት የሚፋቱ ደግሞ ይህን ሁሉ በፍቺ ስምምነቱ ላይ ይጻፉት። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ካልጠበቀ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ እንዲያስተካክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የማየው ስምምነት ግን «አባት ልጁን በሚመቸው ጊዜ ያያል» ይላል። የሚመቸው ለማን? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ወይም ኢድ በየትኛው ዓመት ከማን ጋር እንደሆነ ይጻፍ። ያልተጻፈውን ክፍተት የሚሞላው ልጁ ነው፤ «አባትህን ለበዓል ይመጣል ወይ በለው» ይባላል።

አራተኛው

የእናቲቱ ንዴት ይገባኛል። ግን ቀለብም መገናኘትም የልጁ መብቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ዋጋ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ሕግ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ ሲወስን ልጆችና ወላጆች ስለሚጠያየቁበትም እንዲወስን ያዛል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ደግሞ ከአንድ ወላጁ የተለየ ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ያልከፈለ ሰው የሚከሰሰው በአፈጻጸም መዝገብ ነው፤ ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል። ልጁን ያስቀራችሁት እንደሆነ ግን ብሩም አይመጣም፣ ልጁም «በእኔ ምክንያት» ብሎ ያስባል። ባልተከፈለበት ወር ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አድርጎ ጠብቆ የቀረ ልጅ የቀለብ ሒሳብ አይገባውም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ «ካላሳየሽኝ አልከፍልም» የሚሉ አባቶች። መልሱ አንድ ነው።

መገናኘት የሚታገደው ወይም ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን የሚደረገው ልጁ አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፦ ዱላ፣ ጥቃት፣ ሰክሮ መንዳት፣ ልጁን ይዞ የመሰወር ሥጋት። ያኔ ከላይ ያልኳቸው የመጻጻፍ ምክሮች ሳይሆኑ የሚቀድሙት ፖሊስና ፍርድ ቤት ናቸው።

አምስተኛው

ሰባት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይነግረንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ይል ነበር። የ1992ቱ ሕግ ይህንን የዕድሜ መስመር አላስቀጠለም። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ነው የሚያዘው። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የክልላችሁን ተመልከቱ።

ልጅ ይሰማ የሚለውን ግን እቀበላለሁ፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12ም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሐሳቡ ክብደት ይሰጠው ይላል። መሰማትና መምረጥ ይለያያሉ። «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ተብሎ በሁለቱ ፊት የተጠየቀ ልጅ የሚሰማው «ማንን ትተዋለህ?» የሚል ነው። በእኔ ልምድ ልጆች በብዛት ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ይበልጥ ያዘነውን ወላጅ ይመርጣሉ፤ «እማዬ ብቻዋን ናት» ብለው። ወይም ይበልጥ የሚፈሩትን ይመርጣሉ። ወይም ስልክና ኬክ የሚፈቀድበትን ቤት። ሦስቱም ስለ አስተዳደግ የሚነግሩን ጥቂት ነው።

የተሻለው መጠየቂያ ስለ ኑሮው ዝርዝር ነው፤ ወላጆቹ በሌሉበት፣ ለብቻ። ጠዋት ማን ይቀሰቅስሃል? የቤት ሥራ ሲከብድህ ማንን ትጠይቃለህ? እዚያ ቤት የምትተኛው የት ነው? ሌሊት ብትነቃ ወደ ማን ትሄዳለህ? እንዲለወጥ የምትፈልገው አንድ ነገር ምንድን ነው? ከዚህ መልስ ዳኛው ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ብዙ ያገኛል፤ ልጁም ማንንም አልመረጠም። መጨረሻ ላይ «የምትለውን እሰማለሁ፣ የሚወስኑት ግን አዋቂዎች ናቸው» መባል አለበት። ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው የሚወርድ ልጆች አይቻለሁ።

አንድ ልጅ ድንገት «አባዬ ጋ መሄድ አልፈልግም» ካለ ደግሞ እንደ ምርጫ ወስዶ መዝጋትም፣ ጎትቶ መውሰድም አይበጅም። ቀድሞ ምክንያቱን መፈለግ ነው። የተጎዳበት ነገር አለ? እዚያ የሚጫወትበት ጓደኛ አጥቶ ቅዳሜው ስለሚረዝምበት ነው? አዲስ የመጣች የእንጀራ እናት አለች? ወይስ እናቱን ጥሎ መሄድ ክህደት መስሎታል? የመጀመሪያው ከሆነ ጉብኝቱ ቆሞ ይጣራል። ሁለተኛው ከሆነ ኳሱን ይዞ ይሂድ፣ የአጎቱ ልጆች ይጠሩ። ሦስተኛው ከሆነ አባት ለተወሰነ ጊዜ ከልጁ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ያዘጋጅ። አራተኛው ከሆነ መፍትሔው እናት ጋ ነው። ዓርብ ጠዋት ቦርሳውን አብራው እያዘጋጀች «እኔ ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ጓደኛዬ ትመጣለች፣ ደህና ነኝ፤ አንተ ሂድና ተጫወት» ትበለው።